የዓመት የሱቅ ኪራይ በአንዴ ሲከፈል፦ በየወሩ የሚመዘገበው ምንድን ነው?

ጥያቄ፦ «ሱቅ ተከራይቼ ሥራ ከጀመርኩ 3 ወር ሞላኝ። የዓመት ኪራይ 240,000 ብርና ውሉ ሲያልቅ የሚመለስልኝ 40,000 ብር ማስያዣ በአንድ ላይ ከባንክ ከፈልኩ። 280,000ውን በሙሉ የኪራይ ወጪ ብዬ መዘገብኩት። የመጀመሪያው ወር ትልቅ ኪሳራ አሳየኝ፤ ከዚያ ወዲህ ግን ጥሩ ትርፍ ነው የሚያሳየው። የሒሳብ ዓመቴ የሚዘጋው የውሉ 5ኛ ወር ሲያልቅ ነው። ጓደኛዬ በየወሩ ማስተካከያ መሥራት አለብህ ይለኛል። ገንዘቡ አንዴ ወጥቶ አልቋል፤ በየወሩ የምመዘግበው ምንድን ነው?»

ምላሽ፦

በየወሩ የሚመዘግቡት ሱቁን ለአንድ ወር መጠቀምዎን ነው። ገንዘቡ የወጣበት ቀን አንድ ነገር ነው፤ ኪራዩ ወጪ የሚሆንበት ቀን ደግሞ ሌላ። ግራ ያጋባዎትም የሁለቱ መደባለቅ ይመስለኛል።

የከፈሉ ዕለት ምን እንደገዙ ያስቡ። ሱቁን ለ12 ወር የመጠቀም መብት ነው የገዙት። ያን ዕለት ከመብቱ ላይ አንድም ቀን አልተጠቀሙም። ስለዚህ 240,000ው ያን ቀን ሀብት ነው። «ቅድሚያ የተከፈለ ኪራይ» በሚል ስም በሀብት ተርታ ይቀመጣል። ከዚያ ወር ባለፈ ቁጥር የዚያን ወር ድርሻ ከሀብቱ ቀንሰው ወደ ኪራይ ወጪ ያዛውሩታል። ጓደኛዎ «ማስተካከያ» ያለው ይህንን ነው።

ማስያዣው ከዚህ ተለይቶ ይታያል። 40,000ው ተመላሽ ስለሆነ ሲከፈል ወጪ አይሆንም። አከራዩ ዘንድ ያለ የእርስዎ ገንዘብ ነው። በራሱ ስም ይመዝገብ፣ በየወሩም አይነካ። ወጪ የሚሆነው አከራዩ ለጥገና ወይም ላልተከፈለ መብራት ከቀነሰበት፣ ያውም የተቀነሰው ያህል ብቻ ነው።

እንግዲህ የክፍያው ዕለት ምዝገባ እንዲህ መሆን ነበረበት፦

ዴቢት፦ ቅድሚያ የተከፈለ ኪራይ 240,000
ዴቢት፦ ተመላሽ የኪራይ ማስያዣ 40,000
ክሬዲት፦ ባንክ 280,000

ወጪ የሚባል ነገር ገና እዚህ ውስጥ የለም። የመጀመሪያው ወር ሲያልቅ 240,000ን ለ12 ያካፍሉና 20,000 ያገኛሉ፦

ዴቢት፦ የኪራይ ወጪ 20,000
ክሬዲት፦ ቅድሚያ የተከፈለ ኪራይ 20,000

ይኸው ምዝገባ በየወሩ መጨረሻ ይደገማል፤ 12 ጊዜ። ባንክ የትም ቦታ አይገባም። ይህን ደጋግሜ የምናገረው ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚሁ ላይ ስለሆነ ነው። እጅ ስለለመደው ብቻ ወጪ ሲመዘገብ ባንክ ክሬዲት ይደረጋል። እንዲህ ሲሆን ገንዘቡ በመዝገብ ላይ ሁለት ጊዜ ወጣ ማለት ነው። መዝገብዎን ከባንክ መግለጫ ጋር ሲያስታርቁ መዝገቡ በየወሩ 20,000 እያነሰ ከመጣ፣ ልዩነቱም 20,000፣ 40,000፣ 60,000 እያለ ካደገ፣ ሌላ ቦታ አይፈልጉ። ምክንያቱ ይኸው ነው።

አሁን ወደ እርስዎ መዝገብ እንምጣ። 280,000ው ወጪ ውስጥ ተቀምጧል። 3 ወር ስላለፈ እውነተኛው የኪራይ ወጪ 60,000 ብቻ ነው። የቀሩት 9 ወራት ኪራይ 180,000 ወደ ሀብት መመለስ አለበት። ማስያዣው 40,000ም እንዲሁ። ዓመቱ ገና ስላልተዘጋ የድሮውን ምዝገባ መሰረዝ አያስፈልግም፤ እንዲያውም ባይሰርዙት ይሻላል። በ3ኛው ወር መጨረሻ አንድ የማረሚያ ምዝገባ ይበቃል፦

ዴቢት፦ ቅድሚያ የተከፈለ ኪራይ 180,000
ዴቢት፦ ተመላሽ የኪራይ ማስያዣ 40,000
ክሬዲት፦ የኪራይ ወጪ 220,000

በኪራይ ወጪ ሒሳብ ላይ የሚቀረው 280,000 ሲቀነስ 220,000፣ ማለትም 60,000 ይሆናል። የሦስት ወር ኪራይ ማለት ነው። ከ4ኛው ወር ጀምሮ የወሩን 20,000 እያዛወሩ ይቀጥላሉ። በማብራሪያው ቦታ ላይ «የዓመት ኪራይና ማስያዣ በስህተት በሙሉ ወጪ የተመዘገበ፣ የ3 ወር ድርሻ ብቻ ወጪ እንዲሆን ማረሚያ» ብለው ይጻፉ፤ የውሉን ቁጥርም ይጥቀሱ። ከዓመት በኋላ መዝገቡን የሚያይ ሰው 220,000 ክሬዲት በወጪ ሒሳብ ላይ ሲያገኝ መጠየቁ አይቀርም።

አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ማረሚያው በአንድ ወር ላይ ስለሚያርፍ የ3ኛው ወር ውጤት ብቻውን ሲታይ የተጋነነ ትርፍ ያሳያል። ከዓመቱ መጀመሪያ ጀምሮ ያለው ድምር ግን ትክክል ይሆናል። የየወሩን ውጤት ለማወዳደር ከፈለጉ ለራስዎ መከታተያ ሦስቱንም ወር በ20,000 አስተካክለው ያስቀምጡ።

ስህተቱ ሳይታረም ዓመቱ ተዘግቶ ቢሆን ኖሮ መንገዱ ሌላ ነበር። ያለፈው ዓመት ወጪ ስለበዛ በአዲሱ ዓመት የኪራይ ወጪን ክሬዲት በማድረግ አይታረምም። እንዲህ ቢደረግ የአዲሱ ዓመት ትርፍ ያለ አግባብ ያብጣል። የሚስተካከለው በዓመቱ መክፈቻ ላይ ያለው የተጠራቀመ ትርፍ ወይም የባለቤቱ ካፒታል ነው። እርስዎ በጊዜ ጠይቀዋል፤ ስለዚህ እዚያ አይደርሱም።

የየወሩ ማስተካከያ ባይሠራ ምን ይጎዳል? በምሳሌ እንየው። ሱቁ በወር 45,000 ብር ጥቅል ትርፍ ያገኛል እንበል፤ ከኪራይ ውጭ ያለው ወጪ ደግሞ 15,000 ነው። ኪራዩ በየወሩ 20,000 ሲያዝ የወሩ ትርፍ 10,000 ይሆናል። በእርስዎ አመዘጋገብ ግን የመጀመሪያው ወር 250,000 ኪሳራ ያሳያል፤ ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ወር 30,000 ትርፍ። ሁለቱም ቁጥሮች ውሸት ናቸው።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሁለተኛው ነው። ትልቁ ኪሳራ ያስደነግጥና ሰው ምክንያቱን ይፈልጋል። 30,000ው ግን ደስ ስለሚል ማንም አይመረምረውም። ባለሱቁ «ሥራው ገባልኝ» ብሎ ዋጋ ይቀንሳል፣ ወይም በየወሩ 30,000ውን ለቤት ያወጣል። ከዚያ ውስጥ 20,000ው የኪራይ ገንዘብ ነበር። ውሉ የሚታደስበት ቀን ሲደርስ ካዝናው ባዶ ይሆናል። የየወሩ 20,000 ወጪ ከባንክ ምንም ሳያወጣ ትርፍዎን ይቀንሳል። ያንኑ ያህል ገንዘብ በየወሩ ለይተው ካስቀመጡ፣ ኪራዩ ካልጨመረ፣ በ12ኛው ወር 240,000ው በእጅዎ ይገኛል።

ዓመቱ በ5ኛው ወር ሲዘጋ ልዩነቱ ቁልጭ ብሎ ይወጣል። በትክክለኛው መንገድ የ5 ወር ትርፍ 50,000 ነው። በስህተቱ መንገድ 130,000 ኪሳራ ይታያል። የሁለቱ ርቀት 180,000 ነው። ይህ ከየት መጣ? 140,000ው ገና ያልተጠቀሙበት የ7 ወር ኪራይ ነው፤ 40,000ው ማስያዣው ነው። በዓመቱ መዝጊያ ላይ ሁለቱም በሀብት በኩል መታየት አለባቸው። ቅድሚያ የተከፈለው ኪራይ በ12 ወር ውስጥ ስለሚያልቅ ከተንቀሳቃሽ ሀብት ጋር ይመደባል። ይህ ሒሳብ በዓመት መዝጊያ እንደ ወጪና ገቢ ሒሳቦች ዜሮ አይደረግም። 140,000ው እንዳለ ወደ አዲሱ ዓመት ይሻገራል፤ ከ6ኛው ወር ጀምሮም መቀነሱ ይቀጥላል።

መዝገቡ ልክ መሆኑን ለማወቅ አንድ ቀላል ዘዴ አለ፤ እኔ ከሁሉም የማምነው እሱን ነው። በወሩ መጨረሻ የቅድሚያ ኪራይን ቀሪ ሒሳብ ያዩና ለወር ኪራዩ ያካፍሉታል። የሚመጣው ቁጥር በውሉ ላይ የቀሩት ወራት ብዛት መሆን አለበት። 7ኛው ወር ሲያልቅ ቀሪው 100,000 ከሆነ 5 ወር ይሰጣል። ውሉም የቀረው 5 ወር ነው፤ ተገናኘ። 120,000 ካገኙ የአንድ ወር ማስተካከያ ተዘሏል። 80,000 ከሆነ አንዱ ወር ሁለቴ ተመዝግቧል። ለ20,000 በትክክል የማይካፈል ቁጥር ከመጣ ደግሞ በዚያ ሒሳብ ውስጥ የማይመለከተው ነገር ገብቷል፤ የኮሚሽን ክፍያ ወይም የመብራት ሒሳብ ሊሆን ይችላል። በኤክሴል የሚሠሩ ከሆነ በ`A2` ላይ ያለፉትን ወራት ብዛት ጽፈው ከጎኑ ይህን ያስገቡ፤ የሚመጣውን ከመዝገብዎ ቀሪ ጋር ያስተያዩት፦

```
=240000-20000*A2
```

የሒሳብ ሶፍትዌር ካለዎት ማስተካከያው በየወሩ በራሱ እንዲመዘገብ ማዘዝ ይቻላል። ይመቻል፤ ግን የማብቂያ ቀኑን መስጠት አይርሱ። ካልሰጡት 13ኛው ወር ላይም 20,000 መቀነሱን ይቀጥላልና ሒሳቡ ከዜሮ በታች ይወርዳል። ቅድሚያ የተከፈለ ኪራይ ከዜሮ በታች ሆኖ ካዩት ሁልጊዜ የስህተት ምልክት ነው። ወይ ውሉ አልቆ ማዛወሩ ቀጥሏል፣ ወይ የማደሻው ክፍያ በሌላ ሒሳብ ተመዝግቧል። ውሉ አልቆ፣ ሳይከፍሉ በሱቁ መጠቀም ከቀጠሉ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ያኔ የኪራይ ወጪን ዴቢት፣ «ያልተከፈለ ኪራይ» የሚል የዕዳ ሒሳብን ክሬዲት ያደርጋሉ።

ለ12 ማካፈል ሁልጊዜ አይሠራም። ቁልፉን የተረከቡት በወሩ አጋማሽ ከሆነ የመጀመሪያው ወር ወጪ 10,000 ነው፤ ቀጥሎ 11 ሙሉ ወራት በ20,000፣ የመጨረሻዋ ግማሽ ወር ደግሞ 10,000። ድምሩ ያው 240,000 ነው፤ ወጪው ግን 13 የሒሳብ ወራትን ይነካል። አከራዩ «አንድ ወር ለዕድሳት በነፃ» ብሎ ከሰጠዎትም የሚካፈለው ለ13 ነው። ሱቁን የመጠቀም መብት ያገኙት ከተረከቡበት ቀን ጀምሮ ስለሆነ ወጪውም ከዚያ ይጀምራል፤ በሩን ለደንበኛ እስከከፈቱበት ቀን አይጠብቅም። 240,000 ለ13 ሲካፈል 18,461.54 ይመጣል። ለ12 ወር ይህንን ይመዘግባሉ። የመጨረሻውን ወር ግን 18,461.52 ያድርጉት፤ አለዚያ በሁለት ሳንቲም ይበልጥና ሒሳቡ ዜሮ ላይ አያርፍም። የሳንቲም ማስተካከያ ሁልጊዜ በመጨረሻው ወር ላይ ይደረግ።

ቀጣዩ አደገኛ ቦታ የማደሻው ሰሞን ነው። ብዙ አከራይ ውሉ ሳያልቅ የሚቀጥለውን ዓመት ኪራይ ይጠይቃል፤ ዋጋም ይጨምራል። በ11ኛው ወር ለቀጣዩ ዓመት 300,000 ከፈሉ እንበል። ይህ በወር 25,000 ነው። የ11ኛው ወር ማስተካከያ ከተሠራ በኋላ ቅድሚያ የተከፈለ ኪራይ ቀሪው 320,000 ይሆናል፦ 20,000 ከድሮው ውል፣ 300,000 ከአዲሱ። አንዳንዱ 320,000ውን ለቀሩት 13 ወራት አካፍሎ በየወሩ 24,615 ይመዘግባል። ስህተት ነው። 12ኛው ወር በድሮው ውል ሥር ስለሆነ ወጪው 20,000 ነው። 25,000 የሚጀምረው አዲሱ ውል ከሚጀምርበት ወር ነው። ለዚህ ነው ለእያንዳንዱ ክፍያ የየራሱ መከታተያ ሰንጠረዥ እንዲኖር የምመክረው። የተከፈለበት ቀን፣ የሚሸፍነው ጊዜ ከመቼ እስከ መቼ እንደሆነ፣ የወሩ ድርሻና ቀሪው ተጽፎ ከውሉ ቅጂ ጋር ይታሰር። የሁለቱ ሰንጠረዦች ቀሪ ሲደመር በሌጀር ላይ ያለውን ቁጥር መስጠት አለበት።

በየወሩ ሪፖርት የማያወጣ ሰው ሌላ መንገድ ሲከተል ሊያዩ ይችላሉ። ሲከፍል ኪራዩን በሙሉ ወጪ ያደርገዋል፤ ዓመቱ ሲዘጋ ብቻ ያልተጠቀመበትን 140,000 ወደ ሀብት ያዛውራል፤ በአዲሱ ዓመት የመጀመሪያ ቀን ደግሞ ምዝገባውን ገልብጦ ወደ ወጪ ይመልሰዋል። የዓመቱ መጨረሻ ውጤት ከእኛው ጋር አንድ ነው፤ ስህተት አይባልም። ለሱቅ ግን አልወደውም። በየወሩ ማትረፍዎንና መክሰርዎን አያሳይዎትም። መገልበጡም በቀላሉ ይረሳል። ከተረሳ የ7 ወር ኪራይ በአዲሱ ዓመት ወጪ ውስጥ ሳይገባ ይቀራል፤ ሀብት ላይ ያለው 140,000ም ሳይንቀሳቀስ ይከርማል። ሁለቱን መንገዶች ማደባለቅ ከሁሉም የባሰ ነው። ከአሁን በኋላ በአንዱ ይጽኑ።

ከውሉ ጊዜ በፊት ሱቁን ቢለቁስ? ለምሳሌ 8ኛው ወር አልቆ ቢወጡ ቀሪው 80,000 ነው። አከራዩ ሊመልስልዎት ከተስማማ ገንዘቡ ወደ «ተሰብሳቢ ሒሳብ» ይዛወራል፤ ከዚያ ጀምሮ የሚጠብቁት ገንዘብ ነውና። የማይመለስ ከሆነ በዚያው ወር በሙሉ ወጪ ያድርጉት። ሱቁን ለቀው በየወሩ 20,000 መቀነሱን መቀጠል የሌለ ሀብት በመዝገብ ላይ ማስቀመጥ ነው። ይህን ሲመዘግቡ ከመደበኛው የኪራይ ወጪ ለይተው «በውል መቋረጥ የታጣ ኪራይ» ቢሉት የወራቱ ንጽጽር አይበላሽም።

በክፍያው ላይ የተጨማሪ እሴት ታክስ ካለና መልሰው የሚያካክሱት ከሆነ፣ ታክሱን በቅድሚያ ለይተው ያውጡት። በ12 የሚከፋፈለው የተጣራው ኪራይ ብቻ ነው። የማያካክሱት ከሆነ ታክሱ የኪራዩ ዋጋ አካል ሆኖ አብሮ ይከፋፈላል።

ከላይ ያልኩት ሁሉ ለእንደ እርስዎ ያለ የአንድ ዓመት ውል ነው። ውሉ የ3 ዓመት ሆኖ በየዓመቱ የሚከፈል ከሆነ፣ መዝገቡም አይ ኤፍ አር ኤስ በሚባለው ዓለም አቀፍ የፋይናንስ ሪፖርት ደንብ በሙሉ የሚያዝ ከሆነ፣ ኪራይን የሚመለከተው ክፍሉ አይ ኤፍ አር ኤስ 16 ሌላ አሠራር ያዛል። በዚያ ደንብ የተከፈለውም ሆነ ገና የሚከፈለው ኪራይ ተሰልቶ «የመጠቀም መብት» የሚባል ሀብት ይመዘገባል፤ ያልተከፈለው ክፍል በዕዳ ይያዛል። ቅድሚያ የከፈሉትም የዚያ ሀብት አካል ይሆናል እንጂ ለብቻው አይቀመጥም። በየወሩ የሚታየውም የዚያ ሀብት የእርጅና ተቀናሽና የዕዳው ወለድ ነው። ከ12 ወር ያልበለጠ፣ የመግዛት አማራጭም የሌለው ውል ግን ከዚህ ነፃ እንዲሆን ደንቡ ይፈቅዳል፤ ያኔ ኪራዩን በየወሩ እኩል ወጪ ማድረግ ይቻላል። ለአነስተኛና መካከለኛ ድርጅቶች በተዘጋጀው አይ ኤፍ አር ኤስም የተለመደው የሱቅ ኪራይ በውሉ ዘመን ላይ እኩል ይከፋፈላል።

ስለዚህ ሙሉውን ደንብ የሚከተሉ ከሆነ ማረሚያውን ከመመዝገብዎ በፊት የውሉን የማራዘሚያ አንቀጽ ያንብቡ። «ተከራዩ ከፈለገ ለተጨማሪ 2 ዓመት ማራዘም ይችላል» የሚል ካለበትና ሱቁን ብዙ ወጪ አውጥተው አድሰው እንደማይለቁት ከወዲሁ የሚታወቅ ከሆነ፣ ወረቀቱ ላይ 12 ወር ቢልም በአይ ኤፍ አር ኤስ 16 ዓይን ውሉ የ3 ዓመት ነው።